ከስታቲስቲክስ ወደ ወባ ምርምር፦ መስክ የሚቀይር መምህር ለፒኤችዲ የሚጽፈው ፐርሰናል ስቴትመንት

መስክ ቀይሮ ለፒኤችዲ የሚያመለክት የዩኒቨርሲቲ መምህር ፋይል ሲከፈት የቅበላ ኮሚቴው ሁለት ጥያቄ ይዞ ነው የሚያነበው፦ «ይህ ሰው የነበረበትን ለምን ተወ?» እና «የመጀመሪያውን ዓመት ይወጣዋል ወይ?»። ትራንስክሪፕቱ የሚያሳየው የድሮውን መስክ ነው። ሲቪው የማስተማር ዓመታትን ይቆጥራል፤ የድጋፍ ደብዳቤዎቹም ብዙውን ጊዜ የሚመሰክሩት ለመምህርነቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጥያቄዎች የመመለሱ ሸክም የሚወድቀው ፐርሰናል ስቴትመንቱ ላይ ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አመልካቿ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ታስተምራለች እንበል። ማስተርሷ በስታቲስቲክስ ነው፤ ሰባት ዓመት አስተምራለች፤ አሁን የምታመለክተው በኤፒዲሚዮሎጂ፣ በተለይም በከተማ ወባ ላይ ፒኤችዲ ለመሥራት ነው። አመልካቿ ለማስረዳት የተፈጠረች ናት፤ የወባው ነገር ግን እውነተኛ ነው።

የተጠየቀው ሰነድ የትኛው ነው?

አንድ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለሁሉም መላክ አይሠራም። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት «ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ» የሚባለውን፣ ማለትም የምርምር ዓላማን የሚያስረዳውን ጽሑፍ ነው። አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች፣ ከዚህ ሌላ ስለ አመልካቹ የሕይወት መንገድ የሚናገር ሁለተኛ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ ፐርሰናል ስቴትመንቱ ብዙ ጊዜ ከምርምር ፕሮፖዛል ጋር ስለሚቀርብ የጥናቱ ዝርዝር ወደ ፕሮፖዛሉ ይሄዳል። በስዊድን፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን ደግሞ የፒኤችዲ ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እዚያ የሚጻፈው ሞቲቬሽን ሌተር በማስታወቂያው ላይ የተዘረዘሩትን መስፈርቶች አንድ በአንድ መመለስ አለበት።

እዚህ የምንሠራው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ በሁለት ገጽ፣ ዘጠኝ መቶ ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት። ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ መክፈቻው 100 ቃል፣ የመሻገሪያው አንቀጽ 200፣ በአዲሱ መስክ የተሠራው ትንሽ ሥራ 200፣ ከድሮው መስክና ከማስተማር የሚመጣው አቅም 130፣ የጎደለው ነገር 100፣ ተቋሙና አማካሪው 120፣ ከፒኤችዲ በኋላ ያለው 50። ገደቡ 500 ቃል ከሆነ የማስተማሩን ክፍል ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያውርዱት እንጂ የመሻገሪያውን አንቀጽ ከ150 በታች አያድርጉት።

ከመሻገሪያው አንቀጽ ይጀምሩ

ብዙ ሰው ከመክፈቻው ይጀምርና ሁለት ሳምንት እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ከድሮው መስክ ወደ አዲሱ የሚያሻግረው አንቀጽ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይወጣል። በብዛት የሚቀርበው ይህን ይመስላል፦

«ስታቲስቲክስን ለበርካታ ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ እውቀቴን ለኅብረተሰቡ ይበልጥ ጠቃሚ በሆነ መስክ ላይ ማዋል እንዳለብኝ ተሰማኝ። ወባ በአገራችን ከፍተኛ የጤና ችግር በመሆኑ በዚህ ዘርፍ ለመመራመር ከፍተኛ ፍላጎት አለኝ።»

«ወባ» የሚለውን አውጥቶ «ቲቢ» ወይም «የአፈር መሸርሸር» ቢገባበት አንቀጹ ምንም አይሆንም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከዚህም በላይ የድሮው መስክ ጥቅም እንደሌለው አድርጎ ያስመስላል፤ አንባቢውም «ነገ የኛንም እንዲህ ትቶ ይሄዳል» ብሎ ያስባል። አሁን ይህን ያስተያዩ፦

«የቆጠራ መረጃ ሪግሬሽንን የማስተምረው በሳምንታዊ የወባ ሪፖርት ነው። የዝናብን መጠን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ወስደን ስናስገባ ሞዴሉ የገጠር ወረዳዎችን የወባ ወቅት በአግባቡ ይከተላል። የከተማ ቀበሌዎች ላይ ግን ይስታል፤ ጥቂት ሕሙማን በሚጠብቅባቸው ደረቅ ወራት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከፖይሰን ወደ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል መቀየርም ሆነ የወቅት ተለዋዋጭ መጨመር ስህተቱን አላስወገደውም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በየቤቱ ባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች እንደምትራባ ሳነብ፣ ጉድለቱ ከስሌቱ ሳይሆን ሞዴሉ ስለ ትንኟ ከያዘው ግምት ሊሆን እንደሚችል ተረዳሁ። ሞዴሉ ዝናብን የመራቢያ ቦታ ወኪል አድርጎ ይወስዳል፤ በከተማ ግን ትንኟ የምትራባበት ውኃ ከቧንቧና ከቦቴም ይመጣል። ይህን ለመፈተን የውኃ መቋረጥንና የማጠራቀሚያ ብዛትን መለካት ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሚለኩ የሚያስተምረው መስክ ደግሞ የእኔ አይደለም።»

እዚህ ውስጥ አራት ነገር በቅደም ተከተል ተቀምጧል። የድሮው መስክ መሣሪያ በስሙ ተጠርቷል። የት ላይ እንደሳተ አንባቢው በዓይነ ኅሊናው ሊያየው በሚችል መልኩ ተነግሯል። ከዚያው ከድሮው መስክ መፍትሔ ተሞክሮ አልበቃም። በመጨረሻም ጥያቄው በራሱ ጊዜ ወደ አዲሱ መስክ ገብቷል። በብዛት የሚረሳው ሦስተኛው ነው፤ እሱ ሲጎድል ስታቲስቲክስ የሚያውቅ አንባቢ «የሞዴል ምርጫ ችግር ነው፤ ለዚህ መስክ መቀየር ምን አመጣው?» ይላል፤ ትክክልም ነው።

የራስዎን ለማግኘት ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ በድሮው መስክ ስሠራ ወይም ሳስተምር የማውቀው ዘዴ በትክክል ሠርቶ ሳለ መልሱ ግን የተሳሳተው መቼ ነው? መልስ ከጠፋ ችግሩ የአጻጻፍ አይደለም፤ ከታች ወዳለው ትንሽ ሥራ ይሂዱና ከዚያ ይመለሱ።

አንድ የመምህራን በሽታ እዚህ ጋ ይነሳል፤ አንባቢውን ማስተማር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ በጅቡቲ በ2012፣ ከዚያም በኢትዮጵያ ቀብሪ ደሃር በ2016 እንደተገኘች፣ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋርም እንደተያያዘች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኮሚቴው ውስጥ ያለው የወባ ተመራማሪ ከእርስዎ በፊት ያውቃል። ለዚህ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሦስት አንቀጽ ታሪክ የሚጽፍ አመልካች ስለ ወባ እንጂ ስለ ራሱ ምንም አልተናገረም።

የሚታይ ትንሽ ሥራ

ፍላጎትን የሚያሳምነው ሥራ ነው። ከማመልከቻው በፊት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የሚወስድ፣ በአዲሱ መስክ ጥያቄ ላይ በድሮው ችሎታ የሚሠራ አንድ ነገር ያስፈልጋል። ለመምህር ክረምቱ ጥሩ ጊዜ ነው። ወረቀት አሳትሞ መገኘት አይጠበቅም፤ በአምስት ገጽ ሪፖርትና ሌላ ሰው ሊያስኬደው በሚችል ኮድ ቢያልቅ ይበቃል።

በምሳሌያችን ለዝናቡ ቸርፕስ የሚባለው መረጃ አለ። ከ1981 ጀምሮ ያለ ሲሆን በ0.05 ዲግሪ ፍርግርግ የተዘጋጀና በነፃ የሚወርድ ነው። የሕሙማኑ ቁጥር ግን የጤና ቢሮ ንብረት ነው፤ የፈቃድ ደብዳቤ ይጠይቃል። መረጃው ለክፍል ማስተማሪያ ብቻ ተሰጥቶ ከሆነ ውጤቱን እንደ ምርምር ግኝት ማቅረብ አይገባም። ከላይ ባለው ናሙና የሕሙማን አኃዝ ያልተቀመጠው ለዚህ ነው። ፈቃድ ካለ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ፤ የጤና ምርምር የሚሠራ አንባቢ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

የሥራው እምብርት በ R ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር ሊሆን ይችላል፦

```
library(MASS)
glm.nb(cases ~ rain_lag10 + offset(log(pop)), data = d)
```

ኮዱ ስቴትመንቱ ውስጥ አይገባም፤ ስለ እሱ የሚጻፈው ነው የሚገባው። እዚህ መስመር ላይ ሁለት ቦታ የአመልካቿ ማንነት ይታያል። አንደኛው `offset(log(pop))` ነው። የሕዝቡ ብዛት ካልገባ ሞዴሉ የሚተነብየው የሕሙማንን ቁጥር እንጂ በሕዝብ ልክ የሚታየውን መጠን አይደለም፤ ትልቅ ቀበሌና ትንሽ ቀበሌ ይምታታሉ። ሁለተኛው `rain_lag10`፣ ማለትም የአሥር ሳምንቱ መዘግየት ነው። የስታቲስቲክስ ሰው ቁጥሩን በሞዴል ማወዳደሪያ መርጦት ሊሆን ይችላል። የኤፒዲሚዮሎጂ አንባቢ ግን የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው፦ ውኃው ተጠራቅሞ ትንኟ እስክታድግ፣ ጥገኛ ተሕዋሲው በትንኟ ውስጥ እስኪበስል፣ ከዚያም በሰው ውስጥ ምልክት እስኪያሳይና ታማሚው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ተደምሮ ነው። «መዘግየቱን በመረጃው መረጥኩት፤ የርዝመቱ ምክንያት ግን ይህ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የአንደኛ ዓመት ኮርሶችን እንደምትችል ከሦስት የኦንላይን ሰርተፍኬት በላይ ያሳምናል።

ሥራው ያልተሳካበትንም ይጻፉ። «ሞዴሉ በከተማ ቀበሌዎች አልሠራም» የሚለው ውጤት በዚህ ስቴትመንት ውስጥ ከተሳካው ይልቅ ዋጋ አለው፤ የፒኤችዲውን ጥያቄ የወለደው እሱ ነውና።

ማስተማርን ወደ ማስረጃ መለወጥ

ያስተማሯቸውን ኮርሶች መዘርዘር የሲቪ ሥራ ነው። እዚህ የሚፈለገው አንድ ኮርስ ተመርጦ ለአዲሱ ሥራ ምን እንደሚያመጣ ማሳየት ነው። አመልካቿ ለምሳሌ የናሙና አወሳሰድን ካስተማረች፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ለመቁጠር በቀበሌ ውስጥ ቤቶችን እንዴት እንደምትመርጥ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላለች። ያኔ ማስተማሩ የችሎታ ማስረጃ ይሆናል።

ከማስተርስ በኋላ ሰባት ዓመት አልፎ ጥቂት ወይም ምንም ኅትመት ከሌለ፣ ዝም ማለት አንባቢውን ለራሱ ግምት ይተወዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «በየሴሚስተሩ ሦስት ኮርስ እያስተማርኩ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ አማክራለሁ፤ የምርምር ጊዜዬ ክረምት ነው»። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዲፓርትመንቱ አስተዳደር፣ ስለ ኢንተርኔት መቆራረጥ የሚጻፍ ነገር እውነት ቢሆንም አመልካቹን ሸሽቶ የሚሄድ ያስመስለዋል። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ያለው የትምህርት ዕረፍትና የአገልግሎት ግዴታ ውልም ለአሜሪካ ኮሚቴ ትርጉም የለውም፤ ካልተጠየቀ አይግባ።

የጎደለውን በስሙ መጥራት

መስክ የሚቀይር ሰው ጉድለት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። መሸሸግም፣ «በፍጥነት እማራለሁ» ብሎ ማለፍም አይጠቅምም። ጉድለቱ በኮርስ ስም ደረጃ ይጠራ፤ እንዴት እንደሚሞላም አብሮ ይነገር። «ኤፒዲሚዮሎጂ አልተማርኩም» ሰፊ ነው። «የኮሆርትና የኬዝ ኮንትሮል ጥናት ንድፍ በመደበኛ ኮርስ አልተማርኩም፤ በመጀመሪያው ዓመት በፕሮግራማችሁ የሚሰጡትን ሁለቱን የጥናት ንድፍ ኮርሶች እወስዳለሁ። እጭ የመሰብሰብና የመለየት የመስክ ሥራን ግን ከኮርስ ስለማላገኘው በሁለተኛው ዓመት ከኢንቶሞሎጂ ቡድን ጋር መሥራት ይኖርብኛል» የሚለው ፕሮግራሙን ያነበበ ሰው ጽሑፍ ነው። የኮርሶቹን ትክክለኛ ስም ከዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ይውሰዱ፤ በዚያ ዓመት መሰጠታቸውንም ያረጋግጡ።

ሦስት ጉድለት ከበለጠ ግን ቆም ይበሉ። ምናልባት ጥያቄው በጣም ሩቅ ነው፤ ከስታቲስቲክስ ወደ ትንኝ ጄኔቲክስ ለመግባት ሌላ ማስተርስ ሊያስፈልግ ይችላል። ወደ በሽታ ሞዴሊንግ መግባት ግን በአንድ ዓመት ኮርስ ይሞላል።

አማካሪው

የሦስት ፕሮፌሰር ስም ደርድሮ «ሥራቸው ይማርከኛል» ማለት ከድረ ገጽ እንደተገለበጠ ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ይበቃሉ፤ አንዱ የእርስዎን የድሮ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ሌላው የጎደለውን የሚሞላ። በምሳሌያችን አንዱ የበሽታ ሞዴል የሚሠራ፣ ሌላው የትንኝ ሥነ ምኅዳር የሚያጠና ይሆናል። ለእያንዳንዱ ያነበቡትን አንድ ጽሑፍ ጠቅሰው በጽሑፉ ውስጥ መልስ ያላገኘውን ነገር ከእርስዎ ጥያቄ ጋር ያያይዙ። ከመጻፍዎ በፊት ግለሰቡ አሁንም እዚያው መሆኑንና በመጪው ዓመት ተማሪ የሚቀበል መሆኑን በአጭር ኢሜይል ይጠይቁ። ጡረታ የወጣ ሰው ስም ጠርቶ መላክ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል።

መክፈቻው፣ በመጨረሻ

ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ መክፈቻው ቀላል ነው፤ ከመሻገሪያው አንቀጽ ጥያቄውን ወስዶ በሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ ነው። «የከተማ ወባ ዝናብ በሌለበት ወቅት ለምን እንደሚጨምር፣ የውኃ አቅርቦት መቆራረጥስ በዚህ ላይ ምን ድርሻ እንዳለው ማጥናት እፈልጋለሁ። ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ፤ ወደዚህ ጥያቄ የመጣሁት በወባ መረጃ ላይ በተደጋጋሚ በሳተ ሞዴል ነው።» ከልጅነት የሚጀምር ታሪክና የታላቅ ሰው ጥቅስ አይግቡ፤ እነዚያን መቶ ቃላት በኋላ ይፈልጓቸዋል።

በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ። እኛ ምክንያቱን አስቀድመን ዋናውን ነገር መደምደሚያ ላይ ማምጣት ይቀናናል፤ አንቀጹም እንዲሁ ሆኖ ይወጣል። ኮሚቴው በአንድ ቀን ብዙ ፋይል ስለሚያይ የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሊያነብ ይችላል። ሲጨርሱ የአንቀጾቹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ገልብጠው በተከታታይ ያንብቧቸው፤ ታሪኩ ከነሱ ብቻ ካልተገኘ የአንቀጹን መጨረሻ ወደ ላይ ያምጡት።

የአዲሱ መስክ ሰው ያንብበው

ይህ እርምጃ ሊዘለል አይችልም። በኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ወይም በባዮሎጂ ዲፓርትመንት ያለ አንድ ባልደረባ የመሻገሪያውን አንቀጽና የትንሹን ሥራ አንቀጽ ብቻ ያንብብ። «ጥሩ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ «አንተ ብትሆን የማትጠቀምበት ቃል የትኛው ነው?» ይበሉት። አዲስ ገቢን የሚያጋልጡት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። የጤና ተቋም ሪፖርትን «ፕሪቫለንስ» ብሎ መጥራት አንዱ ነው፤ ያ በአንድ ወቅት ከሕዝቡ ስንቱ እንደተያዘ በዳሰሳ የሚለካ ነው። «ኢንሲደንስ» ለማለትም ለበሽታው የተጋለጠው ሕዝብና የጊዜው ርዝመት መታወቅ አለባቸው። ሪፖርት የተደረገው ቁጥር ሲቀንስ «ወባ ቀነሰ» ማለት ሌላው ነው፤ የመመርመሪያ ኪት አልቆ ሊሆን ይችላል። «ትንኟ ወረርሽኙን አስነሳች» እና «ከወረርሽኙ ጋር ተያያዘች» መካከል ያለውም ልዩነት በዚህ መስክ ትልቅ ነው።

ያው ባልደረባ ትንሹን ሥራ በቅርብ ካየው ሦስተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። የዲፓርትመንት ኃላፊና የማስተርስ አማካሪ ስለ ድሮው መስክ ይመሰክራሉ፤ ስለ አዲሱ የሚናገር አንድ ሰው ከሌለ ስቴትመንቱ ብቻውን ይቀራል። ለሦስቱም ቀኑ ከመድረሱ አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው የመሻገሪያውን አንቀጽ ይላኩላቸው። አለበለዚያ አንዱ ጸሐፊ «በስታቲስቲክስ ንድፈ ሐሳብ መቀጠል ይፈልጋል» ብሎ ይጽፋል፤ ፋይሉ ራሱን ይቃረናል።

የብዙ አሜሪካ ፕሮግራሞች ማብቂያ በዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ዲሴምበር 1 በእኛ ኅዳር 22 ገደማ ይውላል። ሰዓቱ በምሥራቅ አሜሪካ 11:59 ፒኤም ከሆነ በአዲስ አበባ የሚቀጥለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1:59 ነው። ያን ሰዓት ተማምኖ መቆየት ግን የመብራትና የኔትወርክ ዕጣ መጣል ስለሆነ ከሁለት ቀን በፊት ይላክ። ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ከቀየሩ በኋላ ፖርታሉ ላይ ከጫኑበት መልሰው ያውርዱትና ይክፈቱት። ከዚያም በፍለጋ የሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ስም አንድ በአንድ እየጻፉ አለመኖራቸውን ያረጋግጡ፤ ለስድስት ቦታ በሚያመለክት ሰው ፋይል ውስጥ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ተረስቶ መገኘት የተለመደ ነው።